ከባህር ዳር ወደ ጀርመን ለትምህርት ለሚሄዱ ወጣቶች፦ ስለ ሰላምታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ከባህር ዳርና ከጣና ዙሪያ ለትምህርት ወደ ጀርመን የሚሄዱ ወጣቶች ከመነሳታቸው በፊትና በመጀመሪያዎቹ ወራት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ሰው ሳገኝ ምን ብዬ ነው ሰላም የምለው?

ለመምህር፣ ለቢሮ ሠራተኛ፣ ለማታውቁት ሰውና በዕድሜ ለሚበልጣችሁ ሁሉ ጠዋት «ጉተን ሞርገን»፣ ቀን «ጉተን ታግ»፣ ማታ «ጉተን አበንት» ብትሉ የምትሳሳቱበት ቦታ የለም። በተማሪዎች መካከል «ሃሎ» ይበቃል። በሰሜን ጀርመን፣ በተለይም በሃምቡርግና በባሕሩ ጠረፍ አካባቢ፣ ከጠዋት እስከ ማታ «ሞይን» ሲባል ትሰማላችሁ፤ በደቡብ በባቫሪያ ደግሞ የእግዚአብሔር ስም ያለበት «ግሪስ ጎት» የዘወትር ሰላምታ ነው። ሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያ ክፍል ስትገቡ ለተቀመጡት ሰዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ሰላም ማለት፣ ስትወጡም መሰናበት ጨዋነት ነው። እዚህ ላይ ከእኛ ልማድ ብዙ አይርቁም። በከተማ መንገድ ላይ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች ሰላም አይባባሉም።

ጀርመንኛ «አንተ»ን እና «እርስዎ»ን የሚለይ ቋንቋ ስለሆነ በዚህ በኩል አማርኛ ተናጋሪ ብዙም አይቸገርም። «ዚ» የአክብሮት፣ «ዱ» የቅርበት ነው፤ ከ«ዚ» ወደ «ዱ» እንድትሻገሩ የሚጋብዛችሁ በዕድሜ ወይም በሥልጣን የሚበልጣችሁ ሰው ነው እንጂ እናንተ አትጀምሩም። ተማሪዎች እርስ በርስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ዱ» ይባባላሉ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ፤ ፓስፖርታችሁ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈው የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ ስም ነውና የሚጠሯችሁ በእሱ ነው። ተራ ስትጠብቁ የአባታችሁ ስም ከተጠራ የተጠራችሁት እናንተ ናችሁ።

የእጅ ሰላምታቸው ከእኛ በምን ይለያል?

እኛም እነሱም ቀኝ እጅ እንጨብጣለን፤ ልዩነቱ ያለው በአያያዙ ጥብቀት፣ በቆይታውና እጅ ለእጅ በተያያዝንበት ጊዜ በምናደርገው ነገር ላይ ነው። ባህር ዳር ገበያ መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ሳይላቀቁ የራሳቸውን፣ የልጆቻቸውን፣ የወላጆቻቸውንና የጎረቤቱን ደህንነት ተጠያይቀው ይጨርሳሉ፤ እጁም ሳይጠብቅ ለስለስ ብሎ እዚያው ይቆያል። ጀርመኖች ጋር ግን መዳፍ ከመዳፍ ሙሉ በሙሉ ይገናኛል፣ ጠበቅ ይላል፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይልና ይለቀቃል፤ ሁሉም ነገር በሁለት ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ጥያቄውና ጨዋታው የሚመጣው እጅ ከተለቀቀ በኋላ ነው። ጊዜው እንዳለፈ የሚነግራችሁ የሰውየው ጣት ነው፤ መዳፋችሁ ውስጥ ጣቶቹ ላላ ካሉ ለቀቅ አድርጉት።

ትልቅ ሰው ስንጨብጥ ቀኝ ክንዳችንን በግራ እጃችን ደገፍ አድርገን ጎንበስ እንላለን። ይህን ጀርመን ላይ ብታደርጉት የሚቀየም የለም፤ ነገር ግን ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ብዙ ስለሌለ አክብሮቱ አይደርስም፤ ጎንበስ ስትሉም ዓይናችሁ አብሮ ወደ መሬት ይወርዳል፤ እሱ ደግሞ ከዚህ በታች እንደተገለጸው ሌላ ነገር ተደርጎ ይተረጎማል። ስለዚህ በአንድ እጅ ጨብጡ፣ ወገባችሁን ቀና አድርጉ፣ ራሳችሁን ትንሽ ብቻ ነቅነቅ አድርጉ። በጣም የላላ እጅ መስጠት ፍላጎት እንደማጣት ወይም በራስ እንዳለመተማመን ስለሚቆጠር ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ጠበቅ ማድረግ ማለት ግን የሰው አጥንት መጨፍለቅ አይደለም። ወንድ ከሴት ጋርም ሆነ ሴት ከወንድ ጋር ሲጨባበጡ አያያዙ አንድ ዓይነት ነው።

ተቀምጣችሁ ሳላችሁ ሰው እጁን ሊዘረጋላችሁ ከመጣ ተነሱ። «ኖር!» ብሎ የሚነሳ ሰው እዚያ አይኖርም፤ መነሳቱ ግን እዚያም ክብር ነው። እጃችሁ እርጥብ ወይም ምግብ የነካ ከሆነ እንደ አገር ቤት የእጅ አንጓ መስጠት ግራ ያጋባቸዋልና እጃችሁ ንጹሕ አለመሆኑን ነግራችሁ ራሳችሁን ነቅነቅ በማድረግ ሰላምታ ስጡ። ብዙ ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ስታገኙ ሁሉንም መጨበጥ የማይመች ከሆነ ጠረጴዛውን በጣት አንጓ ሁለት ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ «ሃሎ» ማለት በወዳጆች መካከል የታወቀ ሰላምታ ነው። መምህር አስተምሮ ሲጨርስ ተማሪዎቹ በሙሉ ጠረጴዛ ሲደበድቡ ብትሰሙም አትደንግጡ፤ ያ ደግሞ ጭብጨባቸው ነው።

ትልቅ ሰውን ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር አይደለም?

በእኛ አገር ነውር ነው፤ ይህን ማንም ከልባችሁ እንዲያወጣው አልፈልግም። አባትና እናታችንን፣ የቄሰ ገበዙን ወይም የመምህራችንን ዓይን አተኩረን እያየን ተግሣጽ ብንሰማ ዓይነ ደረቅ እንባላለን፤ አንገት ደፋ ብሎ መስማት ትሕትና ነው። በጣና ገዳማት አንድን አባት ተሳልሞ ዓይን ዓይናቸውን እያየ የሚቆም ልጅ አይታይም። ጀርመን ላይ ግን አንድ ሰው ሲናገር አድማጩ የሚያደምጥ መሆኑን የሚያውቀው በዓይኑ ነው። አድማጩ ዓይኑን መሬት ላይ ከተከለ ተናጋሪው ከሦስት ነገሮች አንዱን ይገምታል፦ ወይ አልሰማኝም፣ ወይ አልገባውም፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። ትሕትና ነው ብሎ የሚገምት ሰው ብርቅ ነው።

ጉዳቱ ከሁሉ በላይ የሚታየው ስትተቹ ነው። መምህሯ የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛ «ይህ ክፍል ደካማ ነው» ስትል አገር ቤት ያደገ ልጅ ወዲያው አንገቱን ይደፋል፣ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል። እሱ በሥርዓቱ መሠረት ይቅርታ መጠየቁ፣ መስማማቱና ማክበሩ ነው። እሷ የምታየው ግን የተዘጋ ፊት ነው፤ ስለዚህ ነገሩ እንዳልተቀበለ ቆጥራ ትደግመዋለች፤ እሱ ደግሞ ተቆጣችኝ ብሎ ይበልጥ ያጎነብሳል። ይህ ዙር ከሁለቱም ወገን ቅን ልቡና እያለ ሰውን ሲያራርቅ አይቻለሁ፤ ይህን ገጽ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ከሁሉ በላይ እሱ ነው። ዙሩ እንደጀመረ የምታውቁት መምህሯ ያንኑ ነገር በቀለለ ቃል መድገም ስትጀምር ወይም «ገባህ?» የሚለውን ስታበዛ ነው። ያኔ ቀና ብላችሁ አይታችሁ የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱላት፤ ወዲያው ፊቷ ሲፈታ ታያላችሁ።

በሥራ ቃለ መጠይቅ፣ በውጭ ዜጎች ቢሮና ባቡር ውስጥ ቲኬት ሲፈተሽም ነገሩ ያው ነው። ቲኬታችሁ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ መሬት መሬት እያያችሁ ብትሰጡት ተቆጣጣሪው ጠርጥሮ ሁለት ጊዜ ሊያገላብጠው ይችላል።

እሺ፣ ልይ፤ ግን ለምን ያህል ጊዜ ነው የማየው? ማፍጠጥ አይሆንብኝም?

ዓይንን ሳይነቅሉ ማየት እዚያም ማፍጠጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ ለንደን ሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ከልዩ ልዩ አገር በመጡ ጎብኚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሰዎች ቅር ሳይላቸው የሚቀበሉት የዓይን ለዓይን ቆይታ በአማካይ 3 ሰከንድ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ የተሠራው ሰዎቹ በቪዲዮ ፊት እያዩ ስለነበር ለእውነተኛ ጨዋታ ትክክለኛ ልክ አድርጋችሁ አትያዙት፤ ግን መጠኑን ለመገመት ይረዳል። በተግባር ስትሰሙ በርከት አድርጋችሁ፣ ስትናገሩ ቀነስ አድርጋችሁ እዩ፤ መልስ ስታስቡ ወደ ጎን ወይም ወደ ወረቀቱ ማየት ማንም የማይከፋበት ነገር ነው።

ዓይን የግድ መገናኘት ያለበት ሦስት ቅጽበት ላይ ነው፦ እጅ ስትጨባበጡ፣ ስማችሁን ስትናገሩና ስትሰናበቱ። ሦስቱን ከያዛችሁ በመሐል ዓይናችሁ ቢባዝን ብዙ አይጎዳም። አንድ አራተኛ ቅጽበት አለ፤ ግብዣ ላይ ብርጭቆ ስታጋጩ ለስላሳ መጠጥም ቢሆን የእያንዳንዱን ሰው ዓይን ማየት ይጠበቅባችኋል።

ቀጥታ ዓይን ማየት ከከበዳችሁ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ያለውን ቦታ እዩ፤ በንግግር ርቀት ላይ ያለ ሰው ልዩነቱን አይለየውም። ልምምዱን ከመሄዳችሁ በፊት ከእኩያ ጓደኛ ጋር ጣና ዳር ቁጭ ብላችሁ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። በአያቶቻችሁ ላይ ግን አትለማመዱት፤ ያለ ምክንያት ታስቀይሟቸዋላችሁ።

ሳወራ ሰዎች ወደ ኋላ ያፈገፍጉብኛል፤ ምን ያህል ርቄ ልቁም?

እጅ ጨብጣችሁ ስትለቁ ባላችሁበት ቦታ ቁሙ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ፊት አትራመዱ። ሁለት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ሲጨባበጡ በመካከላቸው ሁለት ክንድ ያህል፣ ማለትም አንድ ሜትር ገደማ ይቀራል፤ ይህ ከአዲስ ሰው ጋር ለመነጋገር የሚመች ርቀት ነው። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰዎች በመካከላቸው የሚተዉትን ክፍተት ሲያጠና እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ያለውን የቅርብ ቤተሰብ፣ ከ45 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ያለውን የወዳጅ፣ ከዚያ እስከ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ያለውን የሥራና የማያውቁት ሰው ክልል ብሎ መድቦት ነበር። የተመለከተው አሜሪካውያንን ስለሆነ ለሁሉም አገር ሕግ አይሆንም፤ እሱም ልኩ ከባህል ባህል እንደሚለያይ አጥብቆ ጽፏል።

እኛ ስንቀራረብ ነው መዋደዳችን የሚታወቀው፤ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው የተኳረፈ ይመስለናል። ስለዚህ ጀርመናዊው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲል የእኛ እግር ሳናስበው ይከተለዋል፤ እሱም እንደገና ያፈገፍጋል፤ በመጨረሻ ጀርባው ግድግዳ ይነካል። ይህን ካያችሁ ጥላቻ አይደለም፤ የለመደውን ክፍተት መልሶ መፈለጉ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እሱ ወደ ኋላ ሲል እናንተ ባላችሁበት ቁሙ። ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ ትንሽ ጎን ብላችሁ ብትቆሙም ጫናው ይቀንሳል። ሰልፍ ላይም ከፊታችሁ ያለውን ሰው እንዳትነኩት ተጠንቀቁ፤ ባንክና መድኃኒት ቤት ውስጥ መሬት ላይ የተሰመረ መስመር ካለ ተራችሁ እስኪደርስ ከመስመሩ ወዲህ ሁኑ። በተጨናነቀ ባቡር ውስጥ ግን እነሱም ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ፤ እዚያ ርቀቱን የሚያስጠብቁት ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ዝም በማለት ነው።

ስለ ቤተሰባቸው ስጠይቅ መልሳቸው ለምን ያጥርብኛል?

«ቪ ጌትስ?» ማለት «እንዴት ነህ?» ቢሆንም ስንተዋወቅ ደጋግመን የምናወርደው ዓይነት ጥያቄ አይደለም። አንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ አንድ ጊዜ ይመለሳል፤ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ይበቃል። ብዙዎቹ በደንብ ለሚያውቁት ሰው ካልሆነ አይጠይቁትም፤ ከጠየቁ ደግሞ መልሱን ሊሰሙ ይፈልጋሉና «እንቅልፍ አልወሰደኝም» ብትሉ እንኳ አይገርማቸውም። ጥያቄውን ሦስት አራት ጊዜ ብትደጋግሙ ግን የመጀመሪያውን መልስ ያላመናችሁ ይመስላቸዋል። የእናትና የአባትን ጤና መጠየቅ ከወዳጅ ጋር ያምራል፤ በመጀመሪያው ቀን ግን ስለ ትዳርና ስለ ልጅ አትጠይቁ።

ጉንጭ መሳሳም፣ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድስ?

ጓደኛሞች ሲገናኙ አጭር እቅፍ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ግንኙነት በኋላ ነው፤ መጀመሪያውን እርምጃም ለእነሱ ብትተዉ ይሻላል። ክንዳቸውን ከፈቱ እቅፉት፤ አንድ እጅ ብቻ ከዘረጉ ጨብጡ። ሦስት አራት ጊዜ ጉንጭ መሳሳም በአብዛኛው የጀርመን ክፍል የለም። ትከሻ ለትከሻ ሰላምታችንም አይታወቅም፤ የአገራችሁን ልጆች ስታገኙ ግን እንደ ልባችሁ አድርጉት፣ የሚከለክል የለም።

አገር ቤት ሁለት ወንድሞች ወይም ሁለት ወንድ ጓደኛሞች ትንንሽ ጣታቸውን አቆላልፈው ፖሊ ግቢ በር ድረስ ቢሄዱ ዞሮ የሚያያቸው የለም። ጀርመን ላይ ሁለት ጎልማሳ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ያየ ሰው የፍቅር ጓደኛሞች አድርጎ ይገምታቸዋል። በሕግ የሚከለከል ነገር የለም፤ ያልሆናችሁትን እንዳይገምቱ ከፈለጋችሁ ግን ይህን አውቃችሁ ምረጡ። ሲያወሩ የሰውን ጉልበት ወይም ክንድ መንካትም ከቅርብ ወዳጅ ውጭ መቆጠብ ነው።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት ልጆች ላይ ነው። ባህር ዳር ላይ የማናውቀውን ሕፃን ራሱን ዳብሰን፣ ጉንጩን ስመን «ያሳድግልሽ» ማለት ለእናቱ ምርቃት ነው። እዚያ ግን የማያውቁት ሰው ልጃቸውን ሲነካ ወላጆች ይደነግጣሉ፤ በቁጣ የሚናገሩም አሉ። ለልጁ እጃችሁን አውለብልቡለት፣ ፈገግ በሉለት፤ አትንኩት።

ከመምህሬ ጋር የመጀመሪያው ቀጠሮ ከበር እስከ ስንብት ምን ይመስላል?

አንዲት ፔዳ ግቢ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የጨረሰች ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ከምትመራት ፕሮፌሰር ጋር በ10 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት) ቀጠሮ አላት እንበል። አምስት ደቂቃ ቀድማ ትደርሳለች፤ ከዚያ አስቀድማ አትገባም። በሰዓቱ ታንኳኳለች፤ በሩን ከፍታ እዚያው ደፍ ላይ ቆማ ፕሮፌሰሯን አይታ «ጉተን ታግ» ትላለች። ፕሮፌሰሯ ከጠረጴዛዋ ተነስታ ወደ እሷ ስትመጣ ልጅቱ ሁለት እርምጃ ትገባና ትቆማለች። እጇን ቀድማ አትዘረጋም፤ በእንዲህ ያለ ቦታ የምትጀምረው ባለቤቷ ወይም የበላይዋ ናት። ፕሮፌሰሯ ስትዘረጋ በቀኝ እጇ ብቻ ጠበቅ አድርጋ ትጨብጣለች፤ በዚያው ቅጽበት ዓይኗን እያየች ስሟን ከነአባቷ ቀስ ብላ ትናገራለች። የእኛ ስም ለጆሯቸው እንግዳ ስለሆነ መቸኮል አይገባም። ፕሮፌሰሯ እጇን ላላ ስታደርግ ትለቃለች።

ወንበር ስታሳያት ትቀመጣለች፤ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አታስጠጋም። ቤተሰብ፣ ጤና፣ ጉዞ የሚባለው ጨዋታ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይዘልም፤ ወዲያው ወደ ጉዳዩ ይገባል፤ ይህ መናቅ አይደለም፣ ጊዜዋን ለጉዳዩ እየሰጠቻት ነው። ፕሮፌሰሯ ስትናገር ልጅቱ ታያታለች፤ ስትጽፍ ወረቀቷን ታያለች፤ አንድ ነጥብ ሲያልቅ ቀና ብላ «ገብቶኛል» ትላለች። ካልገባትም ቀና ብላ ትጠይቃለች፤ በአንገት መነቅነቅ ብቻ ማለፍ ኋላ ዋጋ ያስከፍላል። ፕሮፌሰሯ ወረቀቶቹን ስትሰበስብ ወይም ከወንበሯ ስትነሳ ቀጠሮው አብቅቷል። ልጅቱም ትነሳለች፣ እንደገና ይጨባበጣሉ፣ እንደገና ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ «አውፍ ቪደርዜን» ብላ ትወጣለች። በር ላይ ቆሞ ስንብቱን መደጋገም፣ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መውጣት አያስፈልግም።

ሃይማኖቴ ከተቃራኒ ጾታ ጋር እጅ መጨበጥ አይፈቅድልኝም፤ ምን ላድርግ?

ሰውየው እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ቅደሙ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፣ ዓይኑን እያያችሁ ራሳችሁን ነቅነቅ አድርጋችሁ ሰላም በሉ፤ ከዘረጋም ምክንያቱን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ንገሩት። የሚያስከፋው እጁ አየር ላይ መቅረቱ ስለሆነ ዓይናችሁና ፈገግታችሁ እስካሉ ድረስ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያለ አብዛኛው ሰው ይረዳችኋል። ቅር የሚሰኝ መኖሩን ግን አልደብቅም፤ በተለይ ወንዶችን ጨብጦ ሴቶችን መዝለል እንደ ንቀት ይታያል።

በሕግ በኩል አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በባደን ቩርተምበርግ ግዛት ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2015 የዜግነት ወረቀቱን ልትሰጠው የነበረችውን ሴት ባለሥልጣን በሃይማኖት ምክንያት አልጨብጥም ያለን ሐኪም ዜግነት መከልከሉን ደግፎ ወስኗል። ፍርድ ቤቱ ያየው በጾታ ምክንያት እጅ መንፈግን ነው፤ ጉዳዩም የዜግነት ጥያቄ እንጂ የተማሪ የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረም። ስለዚህ ለትምህርት የሄደ ሰው በዚህ ምክንያት ከአገር እባረራለሁ ብሎ መፍራት የለበትም፤ ዜግነት ለመጠየቅ የሚያስብ ግን አስቀድሞ የሕግ ምክር ቢጠይቅ መልካም ነው።

ስመለስ «ፈረንጅ ሆነ» እንዳይሉኝ ምን ላድርግ?

ብዙ ጊዜ የሚታዘቡት ሁለት ነገር ነው፤ እጅ ቶሎ መልቀቅና ሽማግሌን ትኩር ብሎ ማየት። ስለዚህ ሁለቱን ብቻ አስቡ። የሚጨብጣችሁ ሰው እስኪለቅ ድረስ እጃችሁን እዚያው ተዉት፣ ጥያቄውንም ሳትቸኩሉ በየተራ መልሱ። ለአባባና ለእማማ እንደ ድሮው ጎንበስ በሉ። የአካል ልማድ ይረሳል እንጂ አይጠፋም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳታስቡት ይመለሳል።

እጄን ዘርግቼ ሳይጨብጠኝ ቀረ፤ በቆዳ ቀለሜ ምክንያት ይሆን?

ይህ ከሁሉ የሚያምመው ጥያቄ ነው፤ ሊሆንም ላይሆንም ስለሚችል ከመደምደማችሁ በፊት የምታዩት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ መጨበጥን የተዉ ብዙዎች ናቸው፤ ጉንፋን የያዘው ሰውም አይጨብጥም፤ በሆስፒታል ሠራተኞች ዘንድም መጨበጥ በንጽሕና ምክንያት ሊከለከል ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው እጁን ባይሰጥም ዓይናችሁን ያያል፣ ድምፁን አሰምቶ ሰላም ይላል፣ ብዙ ጊዜም ምክንያቱን ይናገራል። ስለዚህ ዋናው ምልክት ዓይኑ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ከእናንተ በፊትና በኋላ የገቡትን ሰዎች እንዴት እንደተቀበለ ተመልከቱ።

ለሌሎቹ ሁሉ እጁን እየሰጠ እናንተን ብቻ የሚዘል፣ ሰላምታችሁንም በደጋገማችሁ ቁጥር ሳይመልስ የሚያልፍ ሰው ከሆነ ጥርጣሬያችሁ መሠረት አለው፤ ለራሳችሁ «የባህል ልዩነት ነው» ብላችሁ አታለባብሱት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውንና አብረው የነበሩትን ሰዎች የዚያኑ ዕለት ጻፉ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዘርና በሃይማኖት ምክንያት በሥራ ቦታና በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ የሚደረግን አድልዎ የሚከለክል ሕግ አላት። እጅ አለመጨበጥ ለብቻው ክስ አይሆንም፤ ነገር ግን ያው ሰው በውጤት አሰጣጥ፣ በሥራ ምደባ ወይም በቀጠሮ የሚበድላችሁ ከሆነ የጻፋችሁት ማስታወሻ ይጠቅማል። ማስታወሻውን ይዛችሁ መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲያችሁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሂዱና የአድልዎ ቅሬታ የሚቀበለው ክፍል የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ ጀርመንኛችሁ ገና ከሆነ ቋንቋውን የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ብትገቡ የምትሉት ሳይጎድል ይመዘገባል።